መኪኖቹን ሸጫለሁ፤ የቀረው አረቦን ስንት ነው የሚመለስልኝ?

ጥያቄ፦ «አራት የጭነት መኪኖች ነበሩኝ። ሁሉም በአንድ ውል የአንድ ዓመት ኢንሹራንስ ነበራቸው። ሥራውን ለመተው ወስኜ አንድ በአንድ ሸጥኳቸው። የመጨረሻዋን ከሸጥኩ በኋላ ውሉ እንዲሰረዝልኝና ከየሽያጩ ቀን ጀምሮ ያለው አረቦን በቀን ተሰልቶ እንዲመለስልኝ በደብዳቤ ጠየቅሁ። ኩባንያው ግን ከጠየቅሁት አንድ አምስተኛ እንኳ የማይሞላ ገንዘብ አሰላልኝ። በዓመቱ ውስጥ አደጋ ደርሶባት ለነበረችው መኪናማ ምንም የለም አለኝ። ያልተጠቀምኩበትን ገንዘብ እንዴት ያስቀሩብኛል? ደብዳቤዬስ ምን ጎደለው?»

ምላሽ፦ መጀመሪያ መታረም ያለበት «ያልተጠቀምኩበት ገንዘብ» የሚለው ነው። አረቦን እንደ ቤት ኪራይ በየወሩ እየተቆራረጠ የሚበላ ክፍያ አይደለም። ኩባንያው ውሉ ከጸናበት ሰዓት ጀምሮ ስጋትዎን ተሸክሟል። በሁለተኛው ቀን አራቱም መኪኖች ተቃጥለው ቢሆን ኖሮ ካሳውን የሚከፍለው ከሁለት ቀን አረቦን ላይ ቆርሶ አልነበረም። ይህ ክርክር ደግሞ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1777 በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ለአሥራ ሁለት ወር መድን የተገባላት መርከብ ጉዳይ ቀርቦ ነበር። መርከቧ ውሉ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ በጠላት እጅ ወደቀች፤ አደጋው ግን ውሉ ከማይሸፍናቸው አንዱ ነበር። ባለቤቱ ታዲያ የቀሪዎቹን ወራት አረቦን ይመለስልኝ አለ። ዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ የሰጡት መልስ አጭር ነው፦ ስጋቱ አንዴ ከጀመረ አረቦን አይከፋፈልም። በእንግሊዝ ልማድ ላይ የቆሙ ውሎች እስከ ዛሬ ከዚህ ነጥብ ይነሳሉ።

ስለዚህ የቀረው ጊዜ አረቦን ሊመለስልዎ የሚችለው መኪኖቹን ስለሸጡ ብቻ አይደለም። ወይ ውልዎ ውስጥ ተመላሽ የሚፈቅድ አንቀጽ ሊኖር ይገባል፣ ወይ የሚተዳደሩበት ሕግ ይህን ሊያዝ ይገባል። በደብዳቤዎ ውስጥ የጎደለው ትልቁ ነገርም ይኸው ነው። ገንዘቡን ጠይቀዋል፤ በየትኛው አንቀጽ እንደሚጠይቁ ግን አልተናገሩም። አንቀጽ ያልጠቀሰ ደብዳቤ ሲደርሰው ሠራተኛው ለኩባንያው የሚመቸውን አንቀጽ ራሱ ይመርጣል። እኔም በሞተር ክፍል አንደርራይተር፣ ማለትም ስጋት እየመዘነ ውል የሚቀበል ሠራተኛ፣ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ አልዋሽም።

መኪና ሲሸጥ ኢንሹራንሱ ምን ይሆናል የሚለውም ከአገር አገር ይለያያል። በፈረንሳይ ሕግ መኪናው የተሸጠበት ቀን እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ውሉ በራሱ ይታገዳል። በጀርመን በተቃራኒው ውሉ ከመኪናው ጋር ወደ ገዢው ይተላለፋል፤ ገዢውም ሆነ ኩባንያው በአንድ ወር ውስጥ ሊያቋርጡት ይችላሉ። የእንግሊዙን መስመር በሚከተሉ ውሎች ደግሞ መድኑ የሰውየው እንጂ የመኪናው አይደለም። ሻጩ መኪናውን ሲያስረክብ በእሱ ላይ የነበረው የመድን ጥቅም፣ ማለትም መኪናው ቢጎዳ ኪሳራው የእሱ መሆኑ፣ ያከትማል፤ ገዢው ግን ኩባንያው ካልተስማማ በስተቀር ምንም አይወርስም። ሦስቱም ጋ የገንዘቡ መልስ የተለያየ ስለሆነ ጎረቤት አገር ያለ ዘመድ «ለእኔ እኮ ሁሉንም መለሱልኝ» ቢልዎ አይናደዱ። ከዚህ በታች የምናገረው በብዛት ስለሚታየው፣ ኩባንያው ራሱ ስላዘጋጀው ዓመታዊ የሞተር ውል ነው።

እንዲህ ያለው ውል የስረዛ አንቀጹን ለሁለት ይከፍለዋል። ኩባንያው በራሱ ፈቃድ ውሉን ካቋረጠ ለቀሩት ቀናት አረቦኑን በቀን ስሌት፣ ማለትም በፕሮ ራታ፣ ይመልሳል። ያቋረጡት እርስዎ ከሆኑ ግን ተመላሹ የሚሰላው በአጭር ጊዜ ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ ከኩባንያ ኩባንያ ቢለያይም በብዙ ውሎች የሚገኘው እንዲህ ይሄዳል፦ መኪናው እስከ አንድ ወር ተሸፍኖ ከነበረ ኩባንያው ከዓመቱ አረቦን 25 ከመቶ ያስቀራል፤ እስከ ሦስት ወር 50፣ እስከ ስድስት ወር 75፣ እስከ ስምንት ወር 87.5 ከመቶ። ስምንት ወር ካለፈ ሙሉው የኩባንያው ነው። ልብ ይበሉ፣ በስድስተኛው ወር መጨረሻ ግማሽ ዓመት ቢቀርም የሚመለሰው ሩብ ብቻ ነው።

ይህ ቅጣት ይመስላል፤ ምክንያት ግን አለው። ውሉን ለማውጣት፣ ለደላላው ኮሚሽን ለመክፈልና ኩባንያው ራሱ ለሚገባው የጠለፋ መድን የወጣው ወጪ የወጣው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ከዚህ በላይ ግን ኩባንያዎች የሚፈሩት ሥራ በሚበዛበት ወቅት ብቻ ገብቶ ሲቀዘቅዝ የሚወጣ ደንበኛን ነው። የአራት ወር ስጋት የዓመት ያህል ከባድ ሆኖ ሳለ አረቦኑ የአራት ወር ብቻ ይሆንባቸዋል። ሰንጠረዡ የተሠራው ለዚህ ሰው ነው። እርስዎ ደግሞ እሱን አይደሉም፤ የሚከራከሩበትም ነጥብ ይኸው ነው። እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ትክክለኛ ቁጥሮችዎን ስላልሰጡኝ ለማስላት የሚቀሉ ልውሰድ። የእያንዳንዷ መኪና ዓመታዊ አረቦን 36,500 ይሁን፤ በቀን 100 ይመጣል። የመጀመሪያዋ መኪና ስም ለገዢ የዞረው ውሉ በጀመረ በ150ኛው ቀን፣ የሁለተኛዋ በ180ኛው፣ የሦስተኛዋ በ200ኛው፣ አደጋ የደረሰባት አራተኛዋ በ210ኛው ቀን ነው እንበል። ደብዳቤዎ ኩባንያው ጋ ገብቶ ማኅተም የተመታበት በ215ኛው ቀን ነው።

እርስዎ ያሰሉት ከየሽያጩ ቀን ጀምሮ ነው። ለመጀመሪያዋ የቀሩት 215 ቀናት ስለሆኑ 21,500፤ ለሁለተኛዋ 18,500፤ ለሦስተኛዋ 16,500፤ ለአራተኛዋ 15,500። ድምሩ 72,000 ነው። ኩባንያው ደግሞ አራቱንም በ215ኛው ቀን እንደቆሙ ቆጠራቸው። 215 ቀን ሰባት ወር ካለፈ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ «እስከ ስምንት ወር» በሚለው መስመር ላይ ይወድቃል። 87.5 ከመቶ አስቀርቶ ለእያንዳንዷ 4,562.50 ይመልሳል። አራተኛዋን ያወጣታል። ለሦስቱ 13,687.50 ሆነ። ከ72,000 ጋር ሲተያይ አንድ አምስተኛ አይሞላም፤ እርስዎም የገጠመዎት ይህን የመሰለ ነገር ይመስለኛል።

በሁለቱ ቁጥሮች መሃል ያለው ልዩነት 58,312.50 ነው። ይህን በጅምላ «ወሰዱብኝ» ከማለት በሦስት መክፈል ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ክፍል የተለየ ክርክር ነውና። ከልዩነቱ 15,500 አራተኛዋ መኪና ላይ የጠፋ ነው። 11,500 የመጣው ሦስቱን ከየሽያጫቸው ቀን ሳይሆን ከደብዳቤው ቀን በመቁጠር ነው። የቀረው 31,312.50 ደግሞ የሰንጠረዡ ውጤት ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ገንዘብ ያለው ሰንጠረዡ ላይ ነው። ብዙ ሰው ግን አንድ ወር ሙሉ የሚከራከረው ስለ ቀኑ ነው።

ስለ ቀኑ ኩባንያው አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። መሸጥዎን እስኪነግሩት ድረስ አያውቅም። የኢንሹራንስ ሰርተፍኬቱና ስቲከሩ መኪናው ላይ እስካሉ ድረስ ለሦስተኛ ወገን ጉዳት ሊጠየቅ ይችላል። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ በሆነባቸው በብዙ አገሮች «መኪናውን ሸጦት ነበር» የሚለው መከላከያ የተጎዳውን እግረኛ አይመልሰውም። ለምሳሌ በመጀመሪያዋ መኪና ስጋቱን ተሸክሞ የቆየበትን 65 ቀን በነፃ እንዲያደርገው መጠየቅ ይከብዳል። ለዚህም ነው ብዙ ውሎች ስረዛው የሚጸናው ማስታወቂያው ሲደርስ ብቻ ሳይሆን ሰርተፍኬቱ ሲመለስም ነው የሚሉት። ደብዳቤውን በ215ኛው ቀን አስገብተው ሰርተፍኬቱ ገዢው ጋ ተረስቶ በ250ኛው ቀን ቢመለስ ስምንት ወሩ አልፏል፤ የዚያች መኪና ተመላሽ ዜሮ ይሆናል።

ይልቅ መዘግየቱ ምን ያህል እንደጎዳዎት በሰንጠረዡ በራሱ ይዩት። መጀመሪያዋንና ሁለተኛዋን መኪና በተሸጡበት ቀን አሳውቀው ቢሆን ኖሮ «እስከ ስድስት ወር» በሚለው መስመር ስለሚወድቁ ለእያንዳንዳቸው 9,125 ይመለስ ነበር። ከሦስተኛዋ ጋር 22,812.50። ምንም ክርክር ሳይኖር 9,125 የጠፋው ሁሉም ተሽጦ እስኪያልቅ ተጠብቆ በአንድ ደብዳቤ በመጠየቁ ነው። ያለፈው አልፏል። መኪኖቻቸውን ገና እየሸጡ ላሉ አንባቢዎች ግን ከዚህ ምላሽ ውስጥ ከሁሉም የሚጠቅማቸው አረፍተ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ አራተኛዋ መኪና ስንመጣ ጥንቃቄ ያሻል። የተመላሽ አንቀጾች ብዙውን ጊዜ «በውሉ ዘመን ክሌም ያልቀረበ እንደሆነ»፣ ማለትም ካሳ ካልተጠየቀ፣ በሚል ቅድመ ሁኔታ የታሰሩ ናቸው። ካሳ ከተከፈለባት መኪና ላይ የተመላሽ ጥያቄ አለመቀበላቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ዋናው ነገር አንቀጹ ክሌሙን ከምን ጋር ያያይዘዋል የሚለው ነው፤ ከተሽከርካሪው ጋር ወይስ ከውሉ ጋር? እርስዎ አራቱን በአንድ ውል አስገብተዋል። አንቀጹ «በዚህ ውል» የሚል ከሆነ የአንዷ መኪና አደጋ የአራቱንም ተመላሽ ሊያስቀር ይችል ነበር። ኩባንያው ለሦስቱ ማስላቱ እያንዳንዷን ለየብቻ እንደሚያይ ራሱ መቀበሉን ያሳያል። ስለዚህ ስለ አራተኛዋ በጣም ሲገፉ ያንን አንቀጽ እንደገና እንዲያነቡት እንዳያደርጓቸው ይጠንቀቁ። ልጠይቅ ካሉ የሚያዋጣው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ በእርግጥ የተከፈለ ካሳ አለ? አደጋው ተመዝግቦ ካሳው ሳይከፈል የቀረ፣ ወይም ኩባንያው የከፈለውን ከሌላው አጥፊ ወገን ሙሉ በሙሉ ያስመለሰው ከሆነ ፋይሉ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ተገቢ ነው። ካሳው ተከፍሎ ያለቀ ከሆነ ግን 15,500ውን ይርሱት።

የሚቀረው ሰንጠረዡ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ጉልበትዎን የሚያውሉት። ሁለት ነገር ይፈልጉ። አንደኛ፣ ውሉን ከነ ተቀጽላዎቹ አውጥተው ስለ ሽያጭ ወይም ስለ ባለቤትነት መተላለፍ የተለየ አንቀጽ ካለ ያንብቡ። ብዙ ተሽከርካሪ ያላቸው ደንበኞች ውል፣ ፍሊት የሚባለው፣ በዓመት መሃል የሚገባና የሚወጣ መኪና ስለማያጣ ለሚወጣው መኪና በቀን ስሌት የሚመልስ ተቀጽላ ሊኖረው ይችላል። ካለ ክርክሩ አለቀ፤ የሰንጠረዡን አንቀጽ ሳይሆን ይህንን ይጥቀሱ። ሁለተኛ፣ ራሱ የስረዛ አንቀጹ «ይመልሳል» ይላል ወይስ «ሊመልስ ይችላል» ወይም «ኩባንያው በፈቀደ መጠን» የሚለውን ይዩ። ፈቃድ የሚተው ቃል ካለ ማመልከቻዎ ልመና ሳይሆን ምክንያት ያለው ጥያቄ ይሆናል፦ ውሉን ያቋረጥኩት ወደ ሌላ ኩባንያ ለመሄድ ወይም ወቅት ጠብቆ ለመውጣት አይደለም፤ የተሸፈነው ነገር በእኔ እጅ ስለሌለ ነው። ሰንጠረዡ የሚከላከለው ስጋት እዚህ የለም። ይህን ሲያነብ ብዙ ጊዜ የክፍሉ ኃላፊ በቀን ስሌት ሊፈቅድ ይችላል፤ ሥልጣኑም ያለው ጠረጴዛ ላይ ካለው ሠራተኛ ይልቅ እሱ ጋ ነው። አንቀጹ ግን ሽያጭን ጠቅሶ «በአጭር ጊዜ ሰንጠረዥ» ካለ፣ ፈርመውበታልና ክርክሩ ያከትማል።

አንድ ጊዜ የላኩት ደብዳቤ አልጠፋም፤ ሁለተኛ ደብዳቤ ይጻፉ። የመጀመሪያው የስረዛ ቀንዎን አስይዞልዎታል፤ ስለዚህ አይሰርዙት፣ ያጣቅሱት። እኔ ብሆን የምጽፈው ይህን ያህል ነው፦

«ጉዳዩ፦ የሞተር ውል ቁጥር … ስረዛና ተመላሽ አረቦን

በቀን … በጻፍኩትና በቀን … በተቀበላችሁት ደብዳቤ በዚህ ውል የተሸፈኑት አራቱ ተሽከርካሪዎች መሸጣቸውን አሳውቄ ውሉ እንዲሰረዝ ጠይቄያለሁ። የእያንዳንዱ ተሽከርካሪ ሰሌዳና ሻንሲ ቁጥር፣ ስሙ ለገዢ የተላለፈበት ቀንና የኢንሹራንስ ሰርተፍኬቱ የተመለሰበት ቀን ከዚህ ጋር በተያያዘው ዝርዝር ተገልጿል፤ የሽያጭ ውሎችና የስም ዝውውር ማስረጃዎች ቅጂም ተያይዟል።

ስረዛው የተጠየቀው ንብረቱ ሙሉ በሙሉ ከእጄ በመውጣቱ በተሽከርካሪዎቹ ላይ የመድን ጥቅም ስለሌለኝ ነው። በመሆኑም ክሌም ላልቀረበባቸው ሦስት ተሽከርካሪዎች የቀሪው ጊዜ አረቦን በውሉ አንቀጽ … መሠረት በቀን ስሌት እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ የተሠራበት አንቀጽ ቁጥርና የእያንዳንዱ ተሽከርካሪ ስሌት በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።

ይህ ስረዛ ከመጽናቱ በፊት በደረሱ አደጋዎች ላይ ያለኝን መብት አይነካም።»

የመጨረሻዋ መስመር ትርፍ አይደለችም። ውሉ ሲሰረዝ ወደፊት የሚሆነው ብቻ ነው የሚቆመው። መኪናው በእርስዎ እጅ ሳለ የገጨው ሰው ከስድስት ወር በኋላ ቢከስዎት አደጋው በደረሰ ጊዜ ውሉ ጸንቶ ስለነበር ኩባንያው ሊቆምልዎ ይገባል። ይህን ሳይታወቅ የሚያስቀር ነገር ደግሞ ገንዘቡን ሲቀበሉ የሚፈርሙት ወረቀት ነው፤ መጨረሻ ላይ አነሳዋለሁ።

ደብዳቤውን ከመላክዎ በፊት ሁለት ነገር ያረጋግጡ። የመጀመሪያው የስም ዝውውሩ ነው። ዋጋውን ተቀብለው፣ ቁልፉን ሰጥተው፣ ሊብሬው ግን አሁንም በእርስዎ ስም ያለ መኪና ካለ ለዚያች መኪና ስረዛ አይጠይቁ፤ ጠይቀውም ከሆነ ዝውውሩን ዛሬውኑ ያስጨርሱ። መዝገቡ ላይ ባለቤቱ እርስዎ እስከሆኑ ድረስ አደጋ ሲደርስ የሚፈለጉት እርስዎ ነዎት። የአንድ ወር አረቦን ለማዳን ያለ ሽፋን መቆም ሒሳቡ አይወጣም። የሽያጭ ውል ብቻ ይዘው የመጡ ደንበኞችን ዝውውሩን ካላመጣችሁ ብዬ የመለስኩባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ አንዳንዶቹ እንደተናደዱ ወጡ፣ እኔ ግን አሁንም ያንኑ አደርግ ነበር።

ሁለተኛው ባንኩ ነው። መኪኖቹ በብድር የተገዙ ከነበሩ ውሉ ላይ የባንኩ ጥቅም የተመዘገበበት ተቀጽላ ይኖራል። ኩባንያው ያለ ባንኩ ፈቃድ ውሉን አይሰርዝም፤ ቢሰርዝም ቼኩን በባንኩ ስም ሊያወጣው ይችላል። ብድሩ ካለቀ የእዳ ነፃ ማስረጃውን አያይዙ። ይህ ወረቀት ባለመኖሩ ብቻ ፋይል ለሳምንታት ተኝቶ ሲቀር ሰንጠረዡ ወደሚቀጥለው መስመር እንዳይሸጋገር ስረዛው የሚጸናው መጀመሪያ ባመለከቱበት ቀን መሆኑን በደብዳቤው ያስመዝግቡ።

ከአረቦኑ ጋር የተከፈሉት ሌሎች ክፍያዎች፣ የቴምብርና የውል ማውጫ ዓይነቶቹ፣ በተለምዶ አይመለሱም፤ ስሌቱ ላይ ባያዩዋቸው አይገረሙ። አረቦኑን በየክፍያው ሲከፍሉ ከነበረና ያልከፈሉት ክፍያ ካለ ደግሞ ከተመላሹ ላይ ይቀነሳል። በሰንጠረዡ ከተሠራ ኩባንያው ያስቀረው እርስዎ እስካሁን ከከፈሉት ሊበልጥም ስለሚችል ተመላሽ ጠይቀው ባለዕዳ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። ይህን ቀድመው ያስሉት።

በሌላ ውል የገቡት ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የጭነት ወይም የአጓጓዥ ኃላፊነት መድን፣ የሾፌሮችና የረዳቶች የአደጋ መድን፣ የሞተር ውሉ ሲሰረዝ እነሱ አብረው አይሰረዙም። ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው እነዚህን ነው። የአጓጓዥ ኃላፊነት አረቦን የሚከፈለው በዓመቱ መጀመሪያ በተገመተ የጭነት ገቢ ላይ ከሆነ በዓመቱ መጨረሻ በትክክለኛው ገቢ ይስተካከላል። ሥራው በሰባተኛው ወር ከቆመ ማስተካከያው ለእርስዎ ነው የሚሆነው፤ ያውም ያለ አጭር ጊዜ ሰንጠረዥ። ዝቅተኛ አረቦን የሚባለው ወለል ካለ ግን ከዚያ በታች አይወርድም። ከመሰረዝዎ በፊት ግን በመንገድ ላይ የቀረ፣ ያልተራገፈ ወይም ደረሰኝ ያልተፈረመበት ጭነት አለመኖሩን ያረጋግጡ።

ውሉን ሳይሰርዙ ሌላ መንገድ አለ ወይ ካሉ፣ አለ፤ ግን ለእርስዎ ዘግይቷል። ገና ሽያጩ ሲፈጸም ኩባንያው ከተስማማ ሽፋኑን ለገዢው ማዛወርና የቀረውን አረቦን በሽያጭ ዋጋው ላይ ማስገባት ይቻል ነበር። በቀን ስሌት ሙሉ ዋጋውን የሚያገኙት በዚህ መንገድ ነው፤ ገዢውም አዲስ ውል ከማውጣት ይገላገላል። ሌላው አማራጭ ሥራውን ለሚቀጥል ሰው ነው፦ የተሸጠውን መኪና አስወጥቶ በምትኩ አዲስ የተገዛውን ማስገባት። ይህ መተካት እንጂ ስረዛ ስላልሆነ ሰንጠረዡ አይነካውም፤ የአረቦኑ ልዩነት ብቻ ይሰላል። እርስዎ በሚቀጥሉት ጥቂት ወራት አንድ መኪና እንኳ መልሰው የመግዛት ሐሳብ ካለዎት አሁኑኑ ይንገሯቸው፤ ተመላሹን በገንዘብ ከመስጠት ይልቅ ለአዲሱ ውል ሲያስቡት እጃቸው ይፈታል።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው። ስለ ቀኑና ስለ አራተኛዋ መኪና የሚደረገውን ክርክር ይተዉት። ከላይ ባለው ደብዳቤ ለሦስቱ መኪኖች ከደብዳቤዎ ቀን ጀምሮ በቀን ስሌት ይጠይቁ፤ በምሳሌያችን 45,000 ማለት ነው። ደብዳቤው ለሞተር ውል ክፍሉ ኃላፊ ይሁን፤ ቅጂው ላይ የተቀበሉበትን ማኅተምና ቀን ያስመቱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአንቀጽ ቁጥር ያለው መልስ ካልመጣ ወደ ኩባንያው የቅሬታ ክፍል፣ ከዚያም መድን ሰጪዎችን ወደሚቆጣጠረው አካል ይሂዱ። ኩባንያው አንቀጹን ከጠቀሰና አንቀጹም ሽያጭን በግልጽ በሰንጠረዥ ውስጥ ካስገባ 13,687.50ውን ይቀበሉና ይዝጉት፤ በዚያ ላይ ጠበቃ መያዝ ከሚያስገኘው ይልቅ የሚያስወጣው ይበልጣል።

ሲቀበሉ ግን የሚሰጥዎትን የክፍያ ማረጋገጫ ሳያነቡ አይፈርሙ። «በዚህ ውል የሚነሳ ማንኛውንም ጥያቄ ሙሉ በሙሉ አጠናቅቄአለሁ» የሚል ቃል ካለበት ገንዘቡ የአረቦን ተመላሽ ብቻ መሆኑን ጎን ላይ ጽፈው ይፈርሙ። በዚያው ቀን ደግሞ ክሌም ያልነበረባቸው መኪኖች የክሌም ታሪክ ማስረጃ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ፤ ወደፊት መኪና ከገዙ የአረቦን ቅናሽ የሚያስገኝልዎት ያ ወረቀት ነው፣ ፋይሉ መዝገብ ቤት ከገባ በኋላ ማግኘቱ ግን ከባድ ነው።